ሞመንት ያለበትን ፉቲንግ ስናሰላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ኮለሙ 400 በ400 ሚሊሜትር ነው። በኮድ ማባዣ ሳይባዛ የሚያወርደው ጭነት 800 ኪሎኒውተን፣ ፉቲንጉ ግርጌ ላይ የሚደርሰው ሞመንት ደግሞ 160 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። የመሠረቱ ጥልቀት 1.5 ሜትር ሲሆን አፈሩ በጠቅላላ 200 ኪሎፓስካል ይሸከማል። ኮንክሪቱ 25 ሜጋፓስካል ነው።

ስፋቱን በጭነቱ ብቻ መወሰን

800ን ለ200 ሲያካፍሉ 4 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ቆሞ 2 በ2 ሜትር ይጽፋል። የተረሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። የፉቲንጉና በላዩ የሚሞላው አፈር ክብደት በአማካይ በሜትር ኩብ 20 ኪሎኒውተን ቢያዝ 30 ኪሎፓስካል ይጨምራል። ሞመንቱ ደግሞ በአንዱ ጠርዝ 120 ኪሎፓስካል ያክላል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ የሚያርፈው 350 ነው፤ ከተፈቀደው በ75 በመቶ ይበልጣል። 2.6 ሜትር ሲሞከር 203 ይሆንና ለጥቂት አያልፍም፤ 2.7 ሜትር 189 ይሰጣል።

እዚህ ላይ በኮድ ምክንያት የተባዛ ጭነት ማስገባትም የተለመደ ጥፋት ነው። የአፈሩ 200 የመተማመኛ ቅነሳው ቀድሞ የተደረገበት ስለሆነ የሚነጻጸረው ካልተባዛ ጭነት ጋር ነው። የተባዛው ውፍረቱንና ፌሮውን ስናሰላ ይመጣል።

አፈር ሲሳብ መቁጠር

የጎን ኃይል ባለበት ጥምረት ጭነቱ ወደ 300 ወርዶ ሞመንቱ 380 ይደርሳል እንበል። ከባዱን ጭነት አይቶ ይህን መዝለል አደገኛ ነው፤ ፉቲንጉን የሚፈትነው ብዙ ጊዜ ቀላሉ ጭነት ነው። በ2.7 ሜትር ላይ ክብደቱ ተደምሮ N = 519 ኪሎኒውተን ይሆናል፤ ከመሃል የሚርቅበት ርቀት e ደግሞ 380/519 = 0.73 ሜትር። ከስፋቱ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም ከ0.45 ሜትር፣ በልጧል። የተለመደው ቀመር አሁን በአንዱ ጠርዝ 187፣ በሌላው −45 ይሰጣል። 187ን ብቻ ያየ ሰው አለፈ ይላል።

አፈር ግን ኮንክሪቱን ይዞ አይጎትትም፤ ያ ጠርዝ ከመሬት ይላቀቅና ጭነቱ በቀረው ክፍል ላይ ይወድቃል። B ስፋቱ፣ qmax ደግሞ ጠርዙ ላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ግፊት ሲሆን ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው፦

```
qmax = 2N / (3B (B/2 - e))
```

ውጤቱ 207 ነው፤ የሚነካውም ከ2.7 ሜትር 1.85 ሜትሩ ብቻ ነው። ወደ 2.8 ሜትር ሲያድግ 185 ይሆናል፣ ያልፋል። አንዳንድ የአፈር ጥናት ለጊዜያዊ ጭነት ከፍ ያለ ግፊት ይፈቅዳል፤ በሪፖርቱ ላይ ካልተጻፈ ግን በራስ ውሳኔ መጨመር አይገባም።

ፐንቺንግ ላይ ሞመንቱን መተው

ፐንቺንግ ኮለሙ ፉቲንጉን በስቶ የመውረድ አደጋ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበው ይህ ነው፤ በፐንቺንግ ሲሰበር አስቀድሞ የሚታይ ስንጥቅ ወይም መጉበጥ ላይኖረው ይችላል። በአሜሪካው የኮንክሪት ኮድ በኤሲአይ 318 አሠራር እንየው። የተባዛው ጭነት 1120 ኪሎኒውተን፣ ሞመንቱ 224 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። የፉቲንጉ ክብደትና የላዩ አፈር እዚህ አይገቡም፤ ከታች ያለው ግፊት በቀጥታ ያመጣጥናቸዋል።

ስፋቱ 2.8 ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 400 ሚሊሜትር ይሁን። ከታች 75 ሽፋንና አንድ ባለ 16 ፌሮ ሲቀነስ d፣ ማለትም ከላይ እስከ ፌሮው ያለው ጥልቀት፣ ወደ 310 ይወርዳል። ከኮለሙ ፊት በ d/2 ርቀት የሚዞረው መስመር 2840 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በዚያ መስመር ላይ ጭነቱ ብቻ 1.19 ሜጋፓስካል ያደርሳል። ኮንክሪቱ የሚችለው 1.24 ነው፤ ስለዚህ ያለፈ ይመስላል። ለካሬ ኮለም ግን ከሞመንቱ 40 በመቶው በሺር ይተላለፋል። እሱ በአንዱ ጎን 0.41 ሲጨምር ድምሩ 1.60 ይደርሳል፣ አያልፍም። ውፍረቱን 500 ሲያደርጉ d 410 ይሆንና ድምሩ ወደ 1.01 ይወርዳል።

በ d ፈንታ ሙሉውን ውፍረት ማስገባትም ተመሳሳይ ወጥመድ ነው። ለዚያው 400 ሚሊሜትር ፉቲንግ d 400 ተብሎ ቢገባ ሞመንቱ ተቆጥሮ እንኳ 1.05 ይወጣል። ወረቀቱ ላይ አልፎ መሬት ላይ የማያልፍ ፉቲንግ ማለት ይህ ነው። ሳይቱ ላይም ሽፋኑን የሚይዘው ድጋፍ ተጓድሎ ፌሮው ከፍ ወይም ዝቅ ቢል d ወይም ሽፋኑ ይጎዳል፤ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በሜትር መለካት ያስፈልጋል።

የሁለት ኮዶችን ግማሽ ግማሽ መውሰድም አይቻልም። ዩሮኮድ 2 የሚፈትሸው ከኮለሙ እስከ 2d ርቀት ባሉ መስመሮች ነው፤ ጥንካሬውንም በሌላ ቀመር ያሰላል። መስመሩን ከአንዱ፣ ጥንካሬውን ከሌላው የወሰደ ስሌት የትኛውንም ኮድ አያሟላም።