ውጭ አገር በሕመም ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ስታቋርጡ፦ ደብዳቤውና የከፈላችሁት ገንዘብ

አንዲት የማውቃት ተማሪ ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባች። ከዚያ በኋላ ክፍል አልተመለሰችም። መታመሟን አስተማሪዎቿ ስለሚያውቁ ይበቃል ብላ ዝም አለች። ማቋረጧን ለሬጅስትራር የጻፈችው በሰባተኛው ሳምንት ነው። መልሱ አጭር ነበር፦ ተመላሽ የለም።

ነገሩ የቀን ጉዳይ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተመላሽ ሰንጠረዥ አላቸው። በእሷ ትምህርት ቤት እስከ ሁለተኛው ሳምንት ላቋረጠ 80 በመቶ፣ እስከ አራተኛው ሳምንት ላቋረጠ 50 በመቶ ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ ምንም። የሚቆጠረው ደግሞ ከክፍል የቀረችበት ቀን ሳይሆን ደብዳቤዋ ቢሮው የደረሰበት ቀን ነው። ለአስተማሪ «አሞኛል» ማለት ማቋረጥ አይደለም። ጭራሽ ሳያሳውቁ መቅረት ከሁሉም ይብሳል፤ ብሩም ይቀራል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይም ኤፍ ሊደረደር ይችላል።

ስለዚህ የሐኪም ወረቀት እስኪደርስ አትጠብቁ። ደብዳቤውን ቀድማችሁ ላኩ፣ ማስረጃው ይከተላል በሉ። ፎርም ካለም ሙሉ።

ከመላካችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩ። እኛ አገር ቤት «ዊዝድሮው ሞላሁ» ስንል ብዙ ጊዜ ተመልሶ መግባትን አስበን ነው። ውጭ አገር ግን ቃሉ ከፕሮግራሙ ጨርሶ መውጣት ሊሆን ይችላል። ለጊዜው ማረፍ ሌላ ስም፣ ሌላ ፎርም አለው። የምትመለሱ ከሆነ የእረፍት ፈቃዱን ጠይቁ።

በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን አነጋግሩ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ኤፍ ዋን ቪዛ ያለው ተማሪ አስፈቅዶ ካቋረጠ ከአገር ለመውጣት 15 ቀን ይሰጠዋል። ሳያስፈቅድ ካቋረጠ ያችም የለችም። በሐኪም ማስረጃ ግን ትምህርት መቀነስ፣ ካስፈለገም ምንም ሳይወስዱ መቆየት ይፈቀዳል፤ በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር። ፈቃዱ መምጣት ያለበት ግን ኮርሶቹን ከመጣላችሁ በፊት ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ትጽፉታላችሁ፤ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት። ስሜ እገሌ፣ የመታወቂያ ቁጥሬ ይህ ነው። በጤና ምክንያት ከዚህ ፕሮግራም ከዛሬ ቀን ጀምሮ ማቋረጤን አሳውቃለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የገባሁት በዚህ ቀን ነው። የሐኪም ማስረጃ እስከዚህ ቀን አቀርባለሁ። ለዚህ ሴሚስተር ከከፈልኩት ምን ያህሉ እንደሚመለስልኝ፣ የትኛው ክፍያ እንደማይመለስ፣ በጤና ምክንያት ለሚያቋርጡ የተለየ አሠራር ካለም እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዬ መድረሱን በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ።»

በሽታውን መዘርዘር አያስፈልግም። እኛ ሰው እንዲያዝንልን ሁሉንም እንተርካለን፤ ቢሮው የሚፈልገው ግን ቀን ነው። የሐኪሙ ወረቀትም እንዲሁ ነው። «ታክማለች» ብቻ ከሆነ ብዙም አይረዳም። «ከዚህ ቀን ጀምሮ ትምህርቷን መከታተል አትችልም» የሚል መሆን አለበት። ያቺ ተማሪ መጀመሪያ ያስገባችው ሕክምና ላይ መሆኗን ብቻ የሚገልጽ ነበርና አልረዳትም። ሁለተኛ ስታጽፍ ሆስፒታል የገባችበት ቀንና ደብዳቤ መላክ ያልቻለችባቸው ሳምንታት ተጠቀሱ። ይግባኝ ብላ ማቋረጧ ከሦስተኛው ሳምንት እንዲታሰብላት ጠየቀች። ተቀበሏት፤ 50 በመቶው ተመለሰላት። የምዝገባ ክፍያው ግን ቀረ። ይግባኝ ቀነ ገደብ አለው፣ ሁሌም አይሳካም።

ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ወደከፈለው ሰው ወይም ካርድ ነው። አጎት በካርዱ ከፍሎላችሁ ከሆነ ለእሱ ቀድማችሁ ንገሩት። ካርዱ ተዘግቶ ከሆነም ለፋይናንስ ክፍሉ አሳውቁ።

በዲቪ አሜሪካ ገብታችሁ የፌዴራል ድጋፍ ወይም ብድር የምትወስዱ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ካቋረጣችሁ ድጋፉ የእናንተ የሚሆነው በቆያችሁበት ልክ ነው። 30 በመቶ ተምራችሁ ከወጣችሁ 30 በመቶው ብቻ የእናንተ ነው፤ የቀረው ለመንግሥት ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ ግን በራሱ ሰንጠረዥ ሙሉ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ተመላሽ ስትጠብቁ ዕዳ ይመጣል ማለት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የድጋፍ ቢሮውን «ዛሬ ባቋርጥ ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩንም በኢሜይል ይላኩላችሁ።