ቁልፉ ይዞራል፣ ጓጉንቸሩ ግን አይከፈትም

የውጭ በር ጓጉንቸር ዝጎ እንቢ ሲል ሰው ሁሉ ዘይቱን የሚያፈሰው ቁልፍ መግቢያው ውስጥ ነው። ቁልፉ አልገባ ካለ ወይም ገብቶ ጨርሶ ካልዞረ ትክክል ነው፤ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፒኖች ተጣብቀዋል ማለት ነውና እዚያው ረጭታችሁ ቁልፉን ደጋግማችሁ አስገቡ፣ አውጡ። እኔን ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ግን ሌላ ነው፤ ቁልፉ ይዞራል፣ ቀለበቱ ንቅንቅ አይልም።

ጓጉንቸር ሲንጠለጠል ቀለበቱ የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሆናሉ። ዝናብ የሚገባው በእነሱ ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለበቱን ቀዳዳው ውስጥ ቀርቅሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ ዝገት ማላቀቂያውን ስፕሬይ በሁለቱም ቀዳዳዎች ርጩ። የምግብ ዘይት አታድርጉ፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ግሪስም ወፍራም ስለሆነ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከረጫችሁ በኋላ የጓጉንቸሩን ጎን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ድገሙት። ከዚያ አካሉን መጀመሪያ ወደ ላይ ገፍታችሁ ቀለበቱን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ውስጥ ያለው መያዣ ጭነት ሲቀልለት ቁልፉን አዙሩና እንደዞረ ይዛችሁ አካሉን ወደ ታች ሳቡ። ቀዳዳው አፍ ላይ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ዘይት ብቅ ካለ ዝገቱ እየለቀቀ ነው።

ቁልፉን በጣት ብቻ አዙሩ። በፒንሳ አታዙሩ! አንድ ጎረቤቴ በፒንሳ ጠምዝዞ ቁልፉን ሊሰብረው ሲል ደረስኩ። ጓጉንቸሩ ዘይት ጠግቧል፤ የያዘው በሩ ነበር። ማጠፊያው ላልቶ በሩ ስለወረደ ክብደቱ በሙሉ ቀለበቱ ላይ አርፏል። በሩን ከሥሩ በእንጨት ደግፈን ከፍ ስናደርገው ያው ቁልፍ በሁለት ጣት ከፈተው። ቀለበቱ በሩ ላይ ተወጥሮ ከታያችሁ መጀመሪያ በሩን አንሱ።

በቀለበቱ ጎን ቀጭን ቆርቆሮ ሰክቶ መክፈት የሚሠራው መያዣው በሞላ ለሚንሸራተት ርካሽ ጓጉንቸር ነው። በዛገ ላይ መያዣው ራሱ ስለማይንሸራተት ቆርቆሮው ተጣጥፎ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ መቁረጥ ነው። ባለ ረጅም እጀታውን የብረት መቁረጫ መቀስ ስትጠቀሙ ቀለበቱን በአፉ ጫፍ ሳይሆን እስከ ጥጉ አስገቡት፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው። የዛገ ቀለበት አንድ በኩል ሲቆረጥ ስለማይዞር ሁለቱንም እግር ቁረጡ። መነጽር አድርጉ፣ ቁራጩ ይፈናጠራል። ቀለበቱ ላይ «HARDENED» የሚል ጽሑፍ ካለ መቀሱ አፉ ይሸረፋል፤ በሩ በሰንሰለት የታሰረ ከሆነ ሰንሰለቱን ቁረጡ፣ ካልሆነ ግራይንደር ያስፈልጋል። ስፕሬዩ በእሳት የሚያያዝ ስለሆነ ግራይንደሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱን በደንብ ጥረጉ፣ ጨርቁንና የስፕሬዩን ቆርቆሮ ከአካባቢው አርቁ።