አሜሪካ እንደገባችሁ የባንክ ሒሳብ አከፋፈት፦ የታደሰ የመጀመሪያ ቀን

ታደሰ እንበለው። በዲቪ ከመጣ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቱ ቤት አርፏል። የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሰኞ ይጀምራል። አሠሪው የሰጠው የደመወዝ ፎርም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ባንክ መሄድ አለበት። ታደሰ በምናብ የፈጠርኩት ሰው ነው። የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ግን አዲስ ገቢ ሁሉ የሚያልፍባቸው ናቸው። እሱን እየተከተላችሁ የራሳችሁን ሒሳብ መክፈት ትችላላችሁ።

ማታውን ወረቀት አዘጋጁ

ታደሰ ሐሙስ ማታ የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ ፖስታ ውስጥ ከተተ። የመጀመሪያው ፓስፖርቱ ነው። ግሪን ካርዱ ገና አልደረሰም። ይህ ሊያሳስበው አይገባም። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ ኤርፖርት ሲገባ ማህተም ስለተመታበት ለአንድ ዓመት በግሪን ካርድ ፋንታ ያገለግላል። ቪዛው ላይ ራሱ ይህ ተጽፏል። የባንክ ሠራተኛው ካላወቀው ጽሑፉን አሳዩት።

ሁለተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ነው። የቪዛ ፎርም ሲሞላ ካርዱ እንዲላክለት ጠይቆ ስለነበር በፖስታ መጥቶለታል። ካልመጣላችሁስ? ሕጉ ባንኮች የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነ ሰው የፓስፖርት ቁጥር እንዲቀበሉ ይፈቅዳል። ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። አንዱ ባንክ በፓስፖርት ይከፍታል፣ ሌላው «ሶሻልህ ሲመጣ ተመለስ» ይላል። እንዲያውም የአንዱ ባንክ ሁለት ቅርንጫፎች የተለያየ መልስ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉ። «ሶሻል ገና አልደረሰኝም፤ በፓስፖርት ትከፍቱልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የአድራሻ ማስረጃ ነው። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ታደሰ የቤት ኪራይ ውል የለውም። መብራትና ውሃ የሚመጣው በአክስቱ ስም ነው። ግን የሶሻል ካርዱ የመጣበት ፖስታ ላይ ስሙና የአክስቱ ቤት አድራሻ አብረው ተጽፈዋል። ያንን ፖስታ አልጣለም፤ ይዞት ይሄዳል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ በስማችሁ የወጣ የስልክ ቢል፣ ወይም የአሠሪ ደብዳቤ የሚቀበሉ ባንኮችም አሉ። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የምትኖሩበት ቤት አድራሻ፣ ከነአፓርታማው ቁጥር፣ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጥሬ ገንዘብ ነው። ብዙ ባንክ መክፈቻ 25 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ታደሰ 100 ዶላር ያዘ።

ስምና የልደት ቀን

ባንክ ውስጥ ቴለሩ ጋ አትሰለፉ። አዲስ ሒሳብ የሚከፈተው ጠረጴዛ ያላቸው ሠራተኞች ጋ ነው። ቀጠሮ ካላችሁ ብዙ አትጠብቁም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የበዛበት ከተማ ስለሆነ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ካለ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም።

ሠራተኛዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጀመረች። «ላስት ኔም?»

ታደሰ በሀገሩ ታደሰ በቀለ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ግን የአያቱ ስም ወርቁም አለ፣ ያውም በቤተሰብ ስም ቦታ። ለአሜሪካ መዝገብ እሱ «ታደሰ፣ ሚድል ኔም በቀለ፣ ላስት ኔም ወርቁ» ነው። አፉ ላይ የመጣለት «በቀለ» ነበር። ዝም ብሎ ፓስፖርቱንና የሶሻል ካርዱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠና «እንደዚህ ጻፊልኝ» አላት። ያደረገው ትክክል ነው። ስማችሁን በቃል አትንገሩ። ከሰነዱ ላይ ፊደል በፊደል ይገልበጥ። አንድ ፊደል ቢለያይ ኮምፒውተሩ ስሙን ከሶሻል ቁጥሩ ጋር ሲያመሳክር ላያገናኘው ይችላል።

ለአሠሪያችሁም ያንኑ ስም ስጡ። የደመወዝ ቼክ «ታደሰ በቀለ» ተብሎ ቢወጣና ሒሳቡ «ታደሰ ወርቁ» ቢሆን ባንኩ ቼኩን ሊመልሰው ይችላል።

ቀጥሎ የልደት ቀን ነው። ታደሰ የተወለደው ሐምሌ 5 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ጁላይ 12 ቀን 1995 ይሆናል። እኛ ቀኑን አስቀድመን ስለምንጽፍ 12/07/1995 ብለን እንሞላለን። አሜሪካ ወሩ ይቀድማል። 12/07 ብሎ ቢሞላ ዲሴምበር 7 ይሆንበታል። ትክክሉ 07/12/1995 ነው። የልደት ቀናቸው ከ12 የሚበልጥ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ 25ኛ ወር ስለሌለ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ማንም ሳያየው ያልፋል። ከዚያ ስልካችሁ ላይ የባንኩን አፕ ልትከፍቱ ስትሉ «መረጃው አይመሳሰልም» ይላችኋል፣ ወይም ማንነታችሁን እንድታረጋግጡ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። ይህን ለማስቀረት ከመፈረማችሁ በፊት ሠራተኛዋ ስክሪኑን አዙራ እንድታሳያችሁ ጠይቁ። የወሩን ስም በፊደል አንብቡ።

«እኔም ልግባበት?»

አክስቱ አብራው መጥታለች። እንግሊዝኛው እንዳያስቸግረው ብላ ነው። ሠራተኛዋ «ሒሳቡ የጋራ ይሁን ወይስ የእሱ ብቻ?» ስትል አክስቱ ዞር አለች። «ታዱዬ፣ እኔም ልግባበት? አንድ ነገር ቢያስፈልግ እኔ እጨርስልሃለሁ።»

ከደግነት ነው ያለችው። ታደሰ ግን «እትዬ፣ ለጊዜው የእኔ ብቻ ይሁን» አላት። ጥሩ አደረገ። የጋራ ሒሳብ ውስጥ ሁለቱም ሰዎች ገንዘቡን በሙሉ የማውጣት መብት አላቸው። ከዚያም በላይ አንዱ ዕዳ ኖሮበት ፍርድ ቤት ቢወስንበት አበዳሪው ከጋራው ሒሳብ ሊወስድ ይችላል። አክስት ታማኝ ብትሆንም ዕዳዋ የእናንተን ደመወዝ ሊነካ ይችላል ማለት ነው። ለማስተርጎም አብሮ መቀመጥ ስም ማስገባት አይጠይቅም። በሌላ ሰው ሒሳብ ደመወዝ መቀበልን ደግሞ ጨርሶ አልመክርም። ገንዘቡ የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አይኖራችሁም።

የሒሳቡ ዓይነትና ኦቨርድራፍት

ለደመወዝና ለዕለት ወጪ የሚሆነው ቼኪንግ የሚባለው ሒሳብ ነው። አብዛኛው ቼኪንግ ወርሃዊ ክፍያ አለው። የተወሰነ ደመወዝ በቀጥታ ሲገባ ወይም የተወሰነ ገንዘብ ሲቀመጥ ክፍያው ይቀራል። «ክፍያው እንዳይቆረጥብኝ ምን ማሟላት አለብኝ?» ብላችሁ መልሱን በወረቀት ተቀበሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው። ሠራተኛዋ «በሒሳብህ ገንዘብ ባይኖርም ካርድህ እንዲሠራልህ ትፈልጋለህ?» አለችው። ሲሰሙት ውለታ ይመስላል። ኦቨርድራፍት የሚባለው ይህ ነው።

እስቲ እናስላው። ታደሰ ሒሳቡ ላይ 18 ዶላር ቀርቶታል። ግሮሰሪ ገብቶ የ22 ዶላር ዕቃ ገዛ። ካርዱ ሠራ። 4 ዶላር ጎደለው፣ ባንኩ ደግሞ 35 ዶላር ቅጣት ጨመረበት። ሳያውቅ በማግሥቱ የ6 ዶላር ቡናና ኬክ ገዛ። ሌላ 35 ዶላር። አሁን ሒሳቡ ከዜሮ በታች 80 ዶላር ነው። የ28 ዶላር ግዢ 70 ዶላር ቅጣት አመጣ። ቅጣቱን የቀነሱ ወይም የተዉ ባንኮች አሉ፤ 35 ዶላር የሚያስከፍሉም አሁንም አሉ።

ሕጉ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነው። ካርድ ሲንሸራተት ወይም ከኤቲኤም ገንዘብ ሲወጣ ባንኩ ይህን ቅጣት መቁረጥ የሚችለው እናንተ ቀድማችሁ ከተስማማችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ «አልፈልግም» ነው። ገንዘብ ከሌለ ካርዱ አይሠራም፣ ቅጣትም የለም። በቼክና በየወሩ ራሱ በሚቆረጥ ቢል ላይ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም።

ከዚያ የተሻለም መንገድ አለ። «ባንክ ኦን» የሚል ዕውቅና ያላቸው ሒሳቦች አሉ። የኦቨርድራፍት ቅጣት የላቸውም፤ መክፈቻቸው ከ25 ዶላር አይበልጥም፤ ወርሃዊ ክፍያቸውም ዝቅተኛ ነው። ትልልቆቹም ባንኮች አላቸው፤ ካልጠየቃችሁ ግን ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ታደሰ የሒሳቡን ስም ጽፎ ስለመጣ ጠየቀ፣ ሠራተኛዋም ያንኑ ከፈተችለት። ለጀማሪ እኔም የምመርጠው ይህን ነው።

ከባንኩ ሳትወጡ

ታደሰ 100 ዶላሩን አስገብቶ ደረሰኝ ተቀበለ። ከዚያ አንድ ነገር አሳተመ፦ ደመወዝ በቀጥታ ወደ ሒሳብ የሚገባበት የዳይሬክት ዲፖዚት ወረቀት። አሠሪው የሚፈልጋቸው ሁለት ቁጥሮች እዚያ ላይ አሉ። አንዱ የባንኩ መለያ የሆነው ባለ9 አኃዝ ራውቲንግ ነምበር ነው። ሌላው የራሱ የሒሳብ ቁጥር ነው። ካርዱ ላይ ያለው ባለ16 አኃዝ ቁጥር ከሁለቱም አይደለም። ለአሠሪ ካርድ ቁጥር የሰጠ ሰው ደመወዙ አይገባለትም። በቃል አትጻፉ፤ ወረቀቱን እንዳለ ስጡ።

የመጀመሪያው ደመወዝ በወረቀት ቼክ ሊመጣ ይችላል። ቼኩን በኮሚሽን የሚመነዝሩ ሱቆች ጋ አትሂዱ፤ አሁን ሒሳብ አላችሁ። አዲስ ሒሳብ ላይ ባንኩ በመጀመሪያው 30 ቀን ውስጥ የቼክ ገንዘብን ረዘም ላለ ጊዜ ሊይዝ እንደሚችል ግን ዕወቁ። የቤት ኪራይ ቀን ከደረሰባችሁ «ገንዘቡ መቼ ይለቀቃል?» ብላችሁ ስታስገቡ ጠይቁ።

ዴቢት ካርዱን ወዲያው አትመው የሚሰጡ ቅርንጫፎች አሉ። የታደሰ በፖስታ ነው የሚመጣው። በ10 ቀን ውስጥ ካልደረሰ መደወል ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአፓርታማ ቁጥር መጉደል ነው፤ ወይም የፖስታ ሳጥኑ ላይ የእናንተ ስም ስለሌለ ፖስተኛው መልሶታል። ታደሰ እንደገባ የራሱን ስም ከአክስቱ ስም ሥር ለጠፈ።

ወደ ሀገር ቤት ሲላክ

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሸርስ ቼክ የሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ። ታደሰ ለእናቱ 300 ዶላር በጥሬው ቢልክ 3 ዶላር ለታክስ ይጨምራል። ይህ ከላኪው ድርጅት ክፍያ ውጭ ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም አሜሪካ በወጣ ዴቢት ካርድ ሲላክ ግን ታክሱ የለም። ስለዚህ ከደመወዙ ገንዘብ አውጥቶ ሱቅ ሄዶ ከመላክ፣ ካርዱ እስኪደርስ ጠብቆ በራሱ ሒሳብ ቢልክ ይሻለዋል።