ወለድ ሲቀየር በቦንድና በአክሲዮን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«የመንግሥት ቦንድ አይከስርም»

መንግሥት ዕዳውን መክፈሉ አንድ ነገር ነው፤ ቦንዱ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል የሚለው ግን ሌላ ነው። በዓመት 2 በመቶ ወለድ የሚከፍልና 10 ዓመት የቀረው የ1,000 ዶላር ቦንድ አለዎት እንበል። ግሽበት ተባብሶ ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ጨመረ፤ አዲስ የሚወጡት ቦንዶችም 4 በመቶ መክፈል ጀመሩ። በዓመት 40 ዶላር ማግኘት የሚችል ሰው 20 ዶላር ብቻ የሚያስገኘውን የእርስዎን ቦንድ በ1,000 አይገዛም። ዋጋው 838 ዶላር አካባቢ ይወርዳል። የቀረው ጊዜ 2 ዓመት ቢሆን ኖሮ ግን 962 ገደማ ላይ ይቆም ነበር።

እስከ መክፈያ ቀኑ ለሚጠብቅ ሰው 1,000ው ይመለስለታል፣ የመግዛት አቅሙ ቢቀንስም። አደጋው መጠበቅ ሳይቻል ሲቀር ነው። የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 የወደቀው በዚህ መንገድ ነው፦ ገንዘቡን ረጅም ጊዜ በሚቆዩ ቦንዶች ላይ አስሮ ሳለ ደንበኞች ተቀማጫቸውን ሲጠይቁት፣ 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ ሰነዶችን 1.8 ቢሊዮን ያህል ከስሮ ሸጠ። ኪሳራው ሲሰማ የቀሩትም ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሯሯጡ። ቦንድ ከመግዛትዎ በፊት ገንዘቡን መቼ እንደሚፈልጉት ይወቁ የምለው ለዚህ ነው።

ውሳኔውን ብቻ መጠበቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገበያው ውሳኔው እስኪነገር አይጠብቅም፤ የገመተውን አስቀድሞ ዋጋ ውስጥ ያስገባል። የአሜሪካው ፌደራል ሪዘርቭ ከመስከረም 2024 እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወለዱን በድምሩ በ1 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ። ያኔ «ወለድ ወረደ፣ የረጅም ጊዜ ቦንድ ይወደዳል» ብሎ የገዛ ሰው ከሰረ፤ በገበያው ላይ የ10 ዓመቱ ቦንድ ወለድ ከ3.7 በመቶ ገደማ ተነስቶ ዓመቱ ሲያልቅ 4.6 አካባቢ ደርሶ ነበር። ማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ የሚወስነው እጅግ አጭር ጊዜ የሚቆየውን ብድር ወለድ ነው። የ10 ዓመቱን በአብዛኛው የሚወስነው ገበያው ስለ ወደፊቱ ግሽበትና ዕድገት ያለው ግምት ነው፣ ያ ግምት ደግሞ በእነዚያ ወራት ከፍ ብሎ ነበር።

የግሽበት አኃዝ ሲወጣም ከባለፈው ወር ጋር ብቻ አያነጻጽሩት። ቀንሶ እንኳ ከተገመተው በላይ ከሆነ ገበያው ሊወርድ ይችላል።

አክሲዮኖችን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት

አክሲዮን የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ኩባንያው ወደፊት ለሚያገኘው ትርፍ ነው፤ ወለድ ሲጨምር ደግሞ ወደፊት የሚገኝ ገንዘብ ዛሬ ያለው ዋጋ ይቀንሳል። ከ1 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ሲሰላ ዛሬ 95 ያህል ያወጣል፤ ወለዱ 7 በመቶ ሲሆን 93.5 ይሆናል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኘው ግን ከ38 ወደ 26 ያሽቆለቁላል። ትርፉን ወደፊት እንደሚያገኝ ተስፋ የሚሰጥ ኩባንያ፣ ዛሬ ከሚያተርፈው ይልቅ በወለድ ጭማሪ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ጋር የኩባንያውን ዕዳ ይመልከቱ፤ በዝቅተኛ ወለድ የተበደረው ገንዘብ በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ዓመታት የሚታደስ ከሆነ፣ ጭማሪው ትርፉ ላይ የሚታየው ያኔ ነው።