የስላይድ ቃላት መፍቻ ስትሠሩ፣ ቀላል የሚመስለውን ቃል አትዝለሉ

ለአዲስ ሠራተኞች ከሥራ ዘርፋችሁ ስላይድ የቃላት መፍቻ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ ከባድ ከባዱን ብቻ አትልቀሙ። እሱንማ አዲሱ ሰው ራሱ ይጠይቃችኋል። ጉድ የሚሠራው አውቀዋለሁ ብሎ የሚያልፈው ቃል ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ስላይዱን ለአንድ አዲስ ሰው ስጡትና ቃላቱን በራሱ አነጋገር፣ በአንድ በአንድ መስመር ይጻፋቸው። የሳተውን ሁሉ መፍቻው ውስጥ አስገቡ።

የኮንቴይነር ማጓጓዣ ስላይድ እንውሰድ። ስላይዱ «ፍሪ ታይም» ሲል አዲሱ ሰው «የእረፍት ሰዓት» ይመስለዋል። እዚህ ግን ኮንቴይነሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚቆይባቸው ቀናት ማለት ነው። «ዲመሬጅ»ንና «ዲቴንሽን»ን ደግሞ ሁለቱንም «የመዘግየት ክፍያ» ብሎ ይገላገላቸዋል። አልተሳሳተም፣ ግን አይጠቅመውም። ባብዛኛው ዲመሬጅ የሚቆጥረው ዕቃ የያዘው ኮንቴይነር ወደብ ውስጥ ከፍሪ ታይሙ አልፎ ሲቆይ ነው፤ ዲቴንሽን ከወደብ ከወጣ በኋላ ባዶው ሳይመለስ ሲቆይ። ስለዚህ ትርጉሙ «ኮንቴይነሩ የት እያለ?» ለሚለው መልስ ይስጥ።

እንዲህ ያሉትን መንትዮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ የስላይዱንም ቁጥር አክሉ። በፊደል ተራ ከተበታተኑ ልዩነቱ አይታይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ መፍቻ ሒሳብ አይሠራበት። ሁለቱን ክፍያዎች አጣምረው የሚያስከፍሉ የመርከብ ድርጅቶች አሉ፤ ለክፍያ ውሉን ማየት ነው።