የስፖንሰር ውል መስሎ የሚመጣው ፋይል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክቱ

የቻናሉ ባለቤት ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የቻናሉ ስምና ምስል ተቀይሮ ያገኘዋል፤ አዲሱ ስም ብዙ ጊዜ የቴስላ ወይም የአንድ ክሪፕቶ ድርጅት ነው። የራሱ ቪዲዮዎች ከገጹ ጠፍተዋል፤ በምትካቸው የኢሎን መስክ አሮጌ ንግግር በቀጥታ ስርጭት እየተላለፈ፣ ከጎኑ «የላካችሁትን ቢትኮይን እጥፍ አድርገን እንመልሳለን» የሚል ጽሑፍ ከኪው አር ኮድ ጋር ተለጥፏል። የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጠም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በርቶ ነበር፤ ስልኩ ላይም ምንም ኮድ አልመጣም። ባለቤቱን ግራ የሚያጋባው ይህ የመጨረሻው ነገር ሲሆን፣ ለእኔ ግን ግማሹን ምርመራ የሚጨርስልኝ እሱ ነው። ኮድ ሳይጠየቅ የተገባበት ቻናል ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በዚህ ሳምንት ከስፖንሰር የመጣ ፋይል ከፍታችኋል?» ብዬ ነው፤ መልሱም ከጥቂት ጊዜ በቀር «አዎ» ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መንስኤው

አንድ ጊዜ ጎግል ውስጥ ከገባን በኋላ ብራውዘሩ ኩኪ የሚባል አጭር መረጃ ያስቀምጣል፤ በማግስቱ ስንመለስ የይለፍ ቃልም ኮድም የማንጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። በስፖንሰሩ ፋይል ውስጥ ተደብቀው የሚገቡት እንደ ሬድላይን፣ ቪዳርና ሉማ ያሉ መረጃ ሰራቂ ፕሮግራሞች ኩኪውን ብራውዘሩ ላይ ከተቀመጡት የይለፍ ቃሎች ጋር ጠቅልለው በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሌባው ይልካሉ። ሌባው ያንን ኩኪ በራሱ ብራውዘር ላይ ሲያስገባው፣ ጎግል ቀድሞ ማንነቱን ያረጋገጠ ባለቤት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ማረጋገጫው አልተሰበረም፣ ጨርሶ አልተጠየቀም። ጎግል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ባወጣው ዘገባ ይህ ዘመቻ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ዩቲዩበሮችን ሲያጠቃ እንደቆየ፣ የተሰረቁ ቻናሎችም እንደ ተከታያቸው ብዛት ከ3 ዶላር እስከ 4,000 ዶላር እንደሚሸጡ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተከታይ የነበረው «ላይነስ ቴክ ቲፕስ» በዚሁ መንገድ ተሰርቆ ስሙ ተቀይሮ አድሯል፤ ኮምፒውተር ማስተማር ሥራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው።

አንድ ምሳሌ

አንድ ወጣት የእናቱን የምግብ ዝግጅት ቻናል ያስተዳድራል። ደውሎ «ጋሼ፣ የእማዬ ቻናል ቴስላ ሆነ» ሲለኝ ከቀልድ ቆጥሬው ነበር። የመጀመሪያው ኢሜይል ሊንክ እንኳ አልነበረውም፤ የእናቱን የዶሮ ወጥ ቪዲዮ በስሙ ጠርቶ ካደነቀ በኋላ ለ45 ሰከንድ ማስታወቂያ ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠየቀ። ልጁ 900 ዶላር አለ፤ ያለ አንዲት ቃል ክርክር ተስማሙ። የሚገዛው ሰው ዋጋ ካልተከራከረ የሚገዛው ሌላ ነገር ነው፤ ይህንን መርካቶ ያደገ ልጅ ማወቅ ነበረበት።

በአራተኛው ቀን «ውሉና የማስታወቂያው ምስሎች» የተባለ የጎግል ድራይቭ ሊንክ መጣ። ፋይሉ በይለፍ ቃል የተቆለፈ 4 ሜጋባይት የሚሆን አርኤአር የተባለ የታመቀ ጥቅል ነበር፤ የመክፈቻው ቃል በዚያው ኢሜይል ውስጥ ተጽፏል። ቁልፉን ከሳጥኑ ጋር የሚልክ ሰው ከሌባ ሊጠብቀው አይደለም፤ የቆለፈው የቫይረስ መፈተሻዎች ውስጡን እንዳያዩበት ነው። ሲፈታ ሁለት እውነተኛ የምርት ፎቶዎችና የፒዲኤፍ ምልክት ያለው አንድ ፋይል ወጡ፤ የፋይሉ ሙሉ ስም ይህ ነበር፦

```
Contract_Terms.pdf.scr
```

ዊንዶውስ ካልታዘዘ በቀር የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ ልጁ ያየው እስከ `.pdf` ድረስ ያለውን ብቻ ነው። `.scr` ማለት የስክሪን ሴቨር ፋይል ሲሆን፣ በተግባር እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ይሠራል። ከሁሉ በላይ ሊያስጠረጥረው የሚገባው ግን መጠኑ ነበር፤ 4 ሜጋባይት የነበረው ተፈትቶ 720 ሜጋባይት ሆኗል። ፋይሉን በባዶ ዜሮዎች ሞልተው የሚያሳብጡት ሆን ብለው ነው፤ ብዙ መፈተሻዎች ከመጠን ያለፈ ፋይል ሳይፈትሹ ያልፋሉ፣ ፋይል የሚፈትሸው ድረ ገጽ ቫይረስቶታልም ከ650 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። የጥቂት ገጽ ውል ግን አንድ ሜጋባይት እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል።

ልጁ ፋይሉን ሲጫን ምንም አልተከፈተም። ሦስት ጊዜ ሞከረና «አይከፈትም» ብሎ ጻፈላቸው። የመለሱለት «ጸረ ቫይረሱ ከልክሎት ይሆናል፣ ለጥቂት ደቂቃ ያጥፉት» የሚል ነበር፤ አጠፋው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጸረ ቫይረስ እንድታጠፉ የሚጠይቅ ስፖንሰር የለም፤ ውሉ ትክክለኛ ከሆነ ስልክ ላይም ይነበባል።

ከመክፈት በፊት መለየት

በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ View፣ ቀጥሎ Show፣ ከዚያም File name extensions የሚለውን አብሩት፤ ዳግመኛም አታጥፉት። በጂሜይል ከላኪው ስም ሥር ያለችውን ቀስት ስትጫኑ mailed-by እና signed-by የሚሉ መስመሮች ይወጣሉ፤ እዚያ ያለው ዶሜይን የድርጅቱ ዋና ድረ ገጽ ካልሆነና ከስሙ ኋላ `-partners` ወይም `-media` የመሰለ ጭማሪ ካለበት፣ በድረ ገጹ ላይ ባለው አድራሻ ራሳችሁ ጻፉላቸው። ላኪው `no-reply@youtube.com` መሆኑ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም። አጭበርባሪዎች የግል ቪዲዮ ሲያጋሩ ማሳወቂያውን የሚልከው ዩቲዩብ ራሱ ነው፤ ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የዋና ሥራ አስፈጻሚውን መልክ አስመስለው በተሠሩ የግል ቪዲዮዎች ሰዎች እንዳይታለሉ ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነበር።

Win+R ተጭናችሁ የተሰጣችሁን ጽሑፍ እንድትለጥፉ የሚጠይቅ «ሮቦት አይደለሁም» ገጽ ካጋጠማችሁ ወዲያው ዝጉት፤ ያንኑ ሰራቂ ፕሮግራም የሚያስገባ ሌላ መንገድ ነው።

ከተከፈተ በኋላ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቅቁት። በዚያው ኮምፒውተር የይለፍ ቃል አትቀይሩ፤ አዲሱንም ይወስዱታል። በሌላ ንጹሕ መሣሪያ `myaccount.google.com` ገብታችሁ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ Your devices በሚለው ሥር የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ። ከዚያ የማስመለሻ ስልክና ኢሜይሉ የእናንተ መሆኑን፣ ጂሜይል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ወይም የሚሰርዝ ፊልተር አለመጨመሩን፣ በዩቲዩብ ስቱዲዮ Permissions ሥር እንግዳ ሰው አለመኖሩን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ይህን የመጨረሻውን የዘለለ አንድ ደንበኛዬ በሳምንቱ ተመልሶ መጥቷል።

የማስመለሻ ስልኩን ቀይረውት ከሆነ ጎግል ለ7 ቀን በቀድሞው ቁጥር ኮድ እንድትቀበሉ ሊፈቅድ ይችላልና `g.co/recover` ላይ ዛሬውኑ ሞክሩ። ቻናሉ ከተዘጋ በኤክስ ላይ ለ `@TeamYouTube` ጻፉ። ጠፉ የተባሉት ቪዲዮዎች ብዙ ጊዜ ወደ Private ተቀይረው ስለሚገኙ ተቻኩላችሁ እንደገና አትጫኑ። ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስ ከባዶ ይጫን፤ «በጸረ ቫይረስ አጸዳሁት» የሚለኝን ሰው አላምነውም። የእናትየው ቻናል በስድስተኛው ቀን ከነቪዲዮዎቹ ተመልሷል፤ ቀጥታ ስርጭቱ ያስከተለው ማስጠንቀቂያ ግን በአቤቱታ እስኪነሳ ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል።

ሰማያዊ ምልክት እንሰጣለን የሚሉት

እነዚህ ቀላል ናቸው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ክፍያ ያለበት ምልክት የሚገዛው ከመተግበሪያው ውስጥ ነው፤ የቲክቶክ ምልክት አይሸጥም፤ የዩቲዩብን ለመጠየቅ 100,000 ተከታይ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱም በውስጥ መስመር መልእክት አይታደልም። በቴሌግራም «ቻናልዎን እናረጋግጥ» ብሎ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ቴሌግራም የላከላችሁን የመግቢያ ኮድ ነው፤ ኮዱን ከሰጣችሁት Settings ውስጥ Devices ገብታችሁ እሱን ለማስወጣት ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው።