የድሮ ቀን ወደ ፈረንጅ ሲቀየር በአንድ ቀን እንዳትስቱ

ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ዜናውን በውጭ ጋዜጦች ለመፈለግ የፈረንጁ ቀን ያስፈልጋችኋል። መስከረም 1ን ሁሌ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ የቆጠረ ሰው ግን ዲሴምበር 5 ላይ ይደርሳል፤ ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ዓመቱን ለ4 አካፍሉት። ምንም ካልተረፈ ዓመቱ የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ምክንያቱም ከፊቱ ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ከተረፈ 11 ነው። 1928 እኩል ይካፈላል፣ ስለዚህ ከ12 እንነሳ።

የእኛ ወሮች 30 ቀን መሆናቸው እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። መስከረምና ጥቅምት 60፣ የኅዳር 26 ሲደመር 86ኛው ቀን ላይ ነን። አሁን በፈረንጁ ቁጠሩ፦ ከሴፕቴምበር 12 እስከ 30 ድረስ 19 ቀን፣ ኦክቶበር 31፣ ኖቬምበር 30፤ ድምሩ 80። የቀረው 6 ነው፤ ዲሴምበር 6።

ለዓመቱ 7 ጨምሩ፣ 1935 ይሆናል። ከጃንዋሪ 1 በኋላ ለሚውል ቀን ግን 8 ነው የሚጨመረው።

ከ1793 መግቢያ እስከ 1892 ዓ.ም. መጨረሻ ለሆነ ነገር ከውጤቱ አንድ ቀን ቀንሱ፤ ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉትም። ከደሴ በስተሰሜን የተፈረመው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። አንዱ ቀን ሳይቀነስ ሜይ 3 ይመጣል፤ ትክክለኛው ሜይ 2 ቀን 1889 ነው።